ብዝኃነትም ያገላል

«አግላይነት በሩን ይዘጋል፤ አካታችነት ሌላውን በራሱ ስም ይጠራል፤ ለእውነተኛ ውይይት የሚመቸው ብዝኃነት ብቻ ነው።»

ይህን ያለው ስለ ሃይማኖቶች ውይይት ያነበብኩት ጽሑፍ ነው። አግላይነት እውነቱ በእኔ ሃይማኖት ብቻ ነው ይላል፤ አካታችነት ሌላውም የሚድነው በእኔ ሃይማኖት እውነት ነው ይላል፤ ብዝኃነት ደግሞ ሃይማኖቶች ሁሉ ወደ አንድ የመጨረሻ እውነት የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው ይላል። ጽሑፉ ስለ ብዝኃነት ባለው አልስማማም። የሃይማኖት ፈላስፋውን የጆን ሂክን ብዝኃነት እንውሰድ። ለሂክ የመጨረሻው እውነት በራሱ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ሃይማኖቶች የሚናገሩት በየባህላቸው መነጽር ያዩትን ነው። እንግዲህ ክርስቲያንና ሙስሊም በዚህ ሕግ ይወያዩ እንበል። ክርስቲያኑ «ቃል ሥጋ ሆነ» የሚለውን እንደ ዘይቤያዊ አነጋገር መውሰድ ይኖርበታል፤ ሂክ ራሱም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሙስሊሙም ቁርኣን ለሰው ልጅ ሁሉ የመጨረሻው መገለጥ ነው ማለቱን መተው አለበት። ሊነጋገሩበት የመጡት ልዩነት አፋቸውን ሳይከፍቱ አለቀ ማለት ነው! የሥነ መለኮት ምሁሩ ጋቪን ዲኮስታ በ1996 እ.ኤ.አ. ብዝኃነትን ራሱን የአግላይነት ዓይነት ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አካታችነትም ቢሆን ችግር አያጣውም፤ የካቶሊኩ የሥነ መለኮት ምሁር ካርል ራነር ሳያውቀው በክርስቶስ ጸጋ የሚድነውን የሌላ እምነት ሰው «ስም የለሽ ክርስቲያን» ይለዋል፤ ይህም ሌላውን ሳይጠይቁ ስም ማውጣት ነው። ግን ጃፓናዊው ፈላስፋ ኒሺታኒ «እኔስ አንተን ስም የለሽ የዜን ቡድሂስት ብልህ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ራነር እንደ ክብር እንደሚቆጥረው መልሷል። ሁለቱም ከየእምነታቸው ሳይነቃነቁ ተነጋገሩ። ጽሑፉ ይህን ሳያነሳ አካታችነትን በአንድ አንቀጽ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል።