ለ«እሺ፣ አየዋለሁ» ባዮች የቀረበ ምስጋና

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። ይህን ተረት እንደ ሕግ ይዘው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ዛሬ እነሱን ላመስግን ነው። የማያውቁት ሰው ነጻ ምክር ሲጠይቃቸው «አልችልም» ብለው አያውቁም። ሰው አያስቀይሙም፣ ፊት አያጠቁሩም። እሺ ይላሉ፤ ከዚያ ይጠፋሉ።

የዚህ ጥበብ ቁንጮ የሆነ አንድ አካውንታንት አውቃለሁ። አንድ ቀን እንዲህ የሚል መልእክት ደረሰው። «ሰላም ወንድሜ፣ አታውቀኝም። ሰዎች ሥራህን ሲያደንቁ ግን ሰምቻለሁ። ባንክ የማስገባው ትንሽ የሥራ ዕቅድ አለኝ። አምስት ደቂቃ ብቻ ሰጥተህ ብታይልኝ?» ከመልእክቱ ጋር 46 ገጽ ሰነድና አንድ ኤክሴል ተያይዟል።

አምስት ደቂቃ ያለው ሰው አልዋሸም። የቆጠረው እሱ ለመጠየቅ የሚፈጅበትን ጊዜ ነው። የመላሹ ሰዓት ሌላ ነው። አንዱን ገጽ በሁለት ደቂቃ ቢያነቡት እንኳ 46ቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ኤክሴሉ ላይ ያለው ቁጥር ከየት መጣ ብሎ ለመፈተሽ ሌላ አንድ ሰዓት። ለሰው የሚረባ መልስ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት። ሦስት ሰዓት ሞላ። መልሱ የሚወልዳቸውን ጥያቄዎች ገና አልቆጠርኩም።

የኛ ጀግና ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ሥራው ነው። ግን ይሉኝታ ከሒሳብ በላይ ነው። «እሺ፣ አየዋለሁ። ትንሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ» ሲል መለሰ። ምን ያማረ መልስ ነው! እሺም አለበት፣ ይቅርታም አለበት፣ ቀን ብቻ የለበትም።

ጠያቂው ተደሰተ። ሌላ ሰው መፈለጉን ተወ። ምን ያደርግለታል? ባለሙያው እያየለት ነው። ሳምንቱ አለፈ። «ሰላም ወንድሜ፣ አስታወስከኝ?» «አልረሳሁህም! ሰሞኑን እንደዋወላለን።» ሌላም ሳምንት አለፈ። ወዲያው እንቢ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ሰውየው እስካሁን ሦስት ሰው ይጠይቅ ነበር። ጀግናችን ግን ይህን ሁሉ ልፋት አስቀረለት። በተስፋ ሶፋ ላይ አስቀመጠው።

ባንኩ ዕቅድ መቀበል የሚያቆምበት ቀን ዋዜማ ላይ ሰውየው መወትወት ሲጀምር፣ ጀግናችን እኩለ ሌሊት ላይ ፋይሉን ከፈተ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገለበጠ፣ የመጨረሻውን ትርፍ አየ። «ጥሩ ነው፣ ቀጥልበት» ብሎ ላከ። ቸርነቱ እዚህ ላይ ጫፍ ደረሰ።

ዕቅዱ ላይ አንድ ነገር ነበር። ሽያጩ ሁሉ በተሸጠበት ወር ገንዘብ ሆኖ እንደገባ ተቆጥሯል። ደንበኞቹ ግን የሚከፍሉት ዕቃውን ከወሰዱ ከ60 ቀን በኋላ እንደሆነ ሰነዱ ውስጥ ተጽፏል፤ ያውም ገጽ 31 ላይ። ደመወዝና ኪራይ ደግሞ 60 ቀን አይጠብቁም። በወረቀት ላይ አትራፊ የሆነው ሥራ በሁለተኛው ወር ካሽ ያልቅበታል። ሦስት ሰዓት የሰጠ ሰው ያገኘው ነበር። ምንም ያልሰጠ ሰው ደግሞ ቢያንስ «ጥሩ ነው» አይልም ነበር። ጀግናችን ግን መሃሉን መረጠ።

ነጻ ነገር ተጠያቂነት የለውም የሚል ካለ ይስማ። እንግሊዝ አገር አንዲት አርክቴክት የወዳጆቿን ግቢ በማስዋብ ሥራ ያለ ክፍያ ልታግዝ ገባች። ነገሩ ተበላሸና ከሰሷት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ያለው ባጭሩ ይህ ነው፤ ውል ስለሌለ ሥራውን እንድትሠራ የሚያስገድዳት የለም፣ እጇን ያስገባችበትን ያህል ግን በባለሙያ ጥንቃቄ መሥራት አለባት። በ2018 ጥፋት የለባትም ተብላ ረታች። ያ ሁሉ ዓመት በፍርድ ቤት ያለፈው በነጻ ሥራ ነው። የሌላው አገር ሕግ ሌላ ሊል ይችላል። ጀግኖቻችን ግን ፍርድ ቤት አያስፈራቸውም፤ የሚያስፈራቸው አንድ የማያውቁት ሰው ቅር እንዳይለው ነው።

አሁን ደግሞ ጨካኟን ላሳያችሁ። እሷም አካውንታንት ናት። ተመሳሳይ መልእክት ከሌላ ሰው ደረሳት። በዚያው ቀን እንዲህ ብላ መለሰች።

«ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። ዕቅድህን ላይልህ አልችልም፤ ለማላውቃቸው ሰዎች ሰነድ አላነብም። የካሽ ፍሰት የሚሠራ አካውንታንት ፈልግና ወር በወር የሚገባና የሚወጣውን ያስላልህ። ይቅናህ።»

ፋይሉን እንኳ አልከፈተችም! ከከፈተች በኋላ «አልችልም» ማለት እንደሚከብዳት ታውቃለች። «አልችልም» የሚለውን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አደረገችው፤ ሰውየው ገና ተስፋ ሳያደርግ። ሥራ በዝቶብኛል አላለችም፤ ብትል ኖሮ «ታዲያ መቼ ይመችሻል?» ይከተል ነበር። «ለጊዜው» የምትል ማለስለሻም አልጨመረችም። የባልደረባዋን ስልክ አቀብላም አልተገላገለች። የምታውቀውን አንድ ነገር ብቻ፣ ፋይል ሳታይ ሊባል የሚችለውን፣ በአንድ መስመር ሰጠች። መልሱ በአንድ መስመር የሚያልቅ ጥያቄ ሲመጣላት እምቢ አትልም፤ መልሳ ትዘጋዋለች።

ሰውየው በዋዛ አልተወም። «እሺ በስልክ አሥር ደቂቃ?» አለ። ሲያንሱ የሚመጡ ጥያቄዎች አደገኛ ናቸው። ፍሪድማንና ፍሬዘር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጡት ጥናት የካሊፎርኒያ ነዋሪዎችን ግቢያችሁ ላይ ስለ ጥንቃቄ አነዳድ የሚናገር ትልቅና አስቀያሚ ማስታወቂያ እንትከል ብለው ጠየቁ። በቀጥታ ከተጠየቁት እሺ ያሉት 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀደም ብለው ስለዚያው ጉዳይ አንዲት ትንሽ ምልክት እንዲለጥፉ ተጠይቀው ከነበሩት መካከል ግን 76 በመቶ ያህሉ ተስማሙ። ሴትዮዋ ይህን ታንብብ አታንብብ አላውቅም፤ መልሷ ግን «አይ፣ በስልክም አልችልም» ነበር። ምክንያት አልደገመችም። ለሦስተኛው መልእክት ደግሞ ጭራሽ አልመለሰችም። እግዚኦ!

ሰውየው በዚያው ሳምንት ከፍሎ የሚያሠራው ባለሙያ አገኘ። ስለ እሷ ሲጠየቅ «ሰው አትወድም» ይላል።

የኛ ጀግናስ? የመጀመሪያው ሰውዬ ካሽ አልቆበት ሥራውን ሊዘጋ ነው፤ አሁንም ግን ስሙን በክፉ አያነሳም። «ደግ ሰው ነው፣ ብቻ ሥራ ይበዛበታል» ይላል። ቁጥሩን ለአጎቱ ልጅ ሰጥቶለታል። የእሱ ዕቅድ 80 ገጽ ነው አሉ።