ማስተካከያ፦ ወለድ ሲጨምር ብር ሁልጊዜ አይጠናከርም

«ብሔራዊ ባንክ ወለድ ከጨመረ ብር ይጠናከራል፤ ዶላርም ወዲያውኑ ይረክሳል።»

ይህ የሚሠራው ቆጣቢው የሚያገኘው ወለድ ከዋጋ ንረቱ ሲበልጥ ነው። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ነጋዴ 100,000 ብር ትርፍ ገንዘብ አላት እንበል። ባንክ በዓመት 7 በመቶ ቢከፍላት 107,000 ብር ይሆንላታል። በዚያው ዓመት ዋጋ በ15 በመቶ ከናረ ግን ዛሬ በ100,000 ብር የምታነሳው ጣቃ 115,000 ብር ይጠይቃታል። እንግዲህ ብሩን ለምን ታስቀምጠው? ጨርቁን አሁኑኑ ትገዛለች፤ ጨርቁ ከውጭ የሚገባ ስለሆነም አስመጪው ተጨማሪ ዶላር ይፈልጋል፤ ብርም ይዳከማል። ወለዱ 18 በመቶ ቢሆን ኖሮ መቆጠቡ ያዋጣት ነበር።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድም ብዙዎችን አሳስቷል። ባንኩ ከንግድ ባንኮች ጋር ለሚያደርገው ግብይት መነሻ እንጂ የነጋዴዋ የቁጠባ ወለድ አይደለም። እርሷ ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶና ተሸራርፎ ነው። በዚያው ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ብር በእጅጉ ወርዷል፤ ለዓመታት ከትይዩ ገበያው ርቆ የቆየውን ይፋዊ ተመን ወለድ ብቻውን ሊደግፈው አይችልም ነበር።

አንድ ልዩነትም መታወቅ አለበት። አሜሪካ ወለድ ስትጨምር የውጭ ባለሀብቶች ከፍ ያለውን ወለድ ለማግኘት ዶላር ይገዛሉ፤ ዶላርም በፍጥነት ይጠናከራል። በእኛ አገር የካፒታል ዝውውር ገና የተገደበ ስለሆነ ይህ መንገድ ጠባብ ነው። የወለዱ ጫና በይበልጥ የሚያልፈው በብድር በኩል ነው፦ ብድር የተወደደበት አስመጪ የሚያዘውን ዕቃ ይቀንሳል፤ የሚፈልገው ዶላርም አብሮ ይቀንሳል።