የዴስኩ ድርሻ፦ የክፍል ዕቃ ዝርዝር በስንት ተባዝቶ ይጻፍ?

«ለሁለተኛ ክፍል የተሰጠን ወረቀት አንድ ደርዘን ደብተር፣ አንድ ደርዘን እርሳስ፣ ከለር፣ መቀስ፣ ሙጫ፣ ሶፍትና ሳሙና ይላል። ሦስት ልጆች አሉኝ። ይህ ሁሉ የግድ ነው? መቀሱስ የልጄ ነው ወይስ የክፍሉ?»

የግድ አይደለም። መቀሱ የማን እንደሆነ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ መመለስ ነበረበት። ድሬዳዋ ውስጥ በነሐሴ ምዝገባ ወቅት ለወላጅ የሚሰጡ ብዙ ዝርዝሮች ዕቃውን ብቻ ይደረድራሉ። የትኛው በልጁ ቦርሳ እንደሚቀር፣ የትኛው ወደ ክፍሉ ቁም ሳጥን እንደሚገባና የትኛውን ትምህርት ቤቱ እንደሚገዛ አይለዩም። እንዲህ ሲሆን ለጋራ የሚያስፈልገው ዕቃ በተማሪ ቁጥር ይባዛል፤ አስራ ስድስት መቀስ የሚበቃው ክፍል አርባ ስምንት ይጠይቃል።

አርባ ስምንት ተማሪ ያለበትን የሁለተኛ ክፍል እንውሰድ። በአንድ ዴስክ ሦስት ልጅ ስለሚቀመጥ አስራ ስድስት ዴስክ ይኖራል። ለዝርዝሩ ቁልፍ የሆነው ይህ 16 ቁጥር ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ጋራ ዕቃው ስንደርስ ይታያል። መጀመሪያ ግን የግል የሆነውን፣ በተለይ ደብተሩን።

ደርዘን የሚባለው ልክ ለሻጩ ይመቻል እንጂ ከክፍሉ ሥራ የመጣ አይደለም። ደብተር የሚቆጠረው በገጽ ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር 100 ገጽ አለው። በሁለተኛ ክፍል አንድ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ በአማካይ አንድ ገጽ ይጽፋል ብንል፣ የማስተማሪያ ሳምንቱንም 36 ብንይዝ፣ በሳምንት አምስት ጊዜ የሚሰጥ ትምህርት 180 ገጽ ይፈልጋል። ስለዚህ ለአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ለእንግሊዝኛና ለሒሳብ ሁለት ሁለት ደብተር ያስፈልጋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚሰጥ ትምህርት 72 ገጽ ስለሚያስፈልግ አንድ ደብተር ይበቃል። ሦስት ጊዜ የሚሰጠው የአካባቢ ሳይንስ 108 ገጽ ይወስዳል፤ ስምንት ገጽ ይጎድለዋል ማለት ነው። ለዚህ ሲባል አዲስ ደብተር መግዛት አያስፈልግም፤ ካለፈው ዓመት ደብተር የተረፉትን ባዶ ሉኮች በመርፌና ክር ሰፍቶ መጨመር ይበቃል።

ለግብረ ገብ አንድ፣ ለሥዕል መስመር የሌለው አንድ ሲጨመር የዓመቱ ድምር ዘጠኝ ደብተር ነው። ከእነዚህ ውስጥ በመስከረም የሚያስፈልጉት ስድስት ብቻ ናቸው፤ ከየትምህርቱ አንድ አንድ። የመጀመሪያው መንፈቅ 18 ሳምንት ቢሆን፣ በሳምንት አምስት ጊዜ የሚሰጠው ትምህርት እንኳ 90 ገጽ ላይ ይቆማል። የቀሩት ሦስቱ ለየካቲት ይቆያሉ። ሦስት ልጅ ያለው ወላጅ በደርዘኑ ስሌት በመስከረም 36 ደብተር ይገዛ ነበር፤ በዚህኛው 18 ነው። የደንብ ልብስና ጫማ በሚገዛበት በዚያው ወር፣ በበዓሉ ማግስት፣ ይህ ልዩነት ለብዙ ቤት ከባድ ነው። ቀድሞ የተገዛ ደብተርም ቤት ውስጥ ተበጣጥሶ ለየካቲት የማይደርስበት ጊዜ ብዙ ነው።

እርሳስም እንደዚሁ ነው። በመስከረም ሦስት፣ በየካቲት ሦስት። ብዙውን እርሳስ የሚጨርሰው ጽሑፉ ሳይሆን መቅረጫው ነው። ግራፋይቱ ከእንጨቱ መሐል ያልተቀመጠ እርሳስ ሲቀረጽ በአንድ ወገን እንጨት እየቀረበት ጫፉ ደጋግሞ ይሰበራል። ይህን ለማወቅ ከመግዛት በፊት ያልተቀረጸውን ጫፍ ማየት ይበቃል፤ ጥቁሩ ነጥብ ወደ ጎን ካጋደለ ይቅር። መቅረጫው ሲዶለዱምም ያስታውቃል። ስለታም ምላጭ ልጣጩን እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ያወጣዋል፤ የዶለዶመው ፍርፋሪ ያደርገዋል። ስለዚህ መቅረጫ በየልጁ ከሚጠየቅ በየዴስኩ አንድ ጥሩ መቅረጫ ቢኖር ይሻላል። እርሳስ ረስቶ ለሚመጣ ልጅም መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስር የትምህርት ቤቱ እርሳስ የያዘ ጣሳ ይቀመጥ። ጠዋት ይወሰዳል፣ ሲወጡ ይመለሳል፣ አስር መሆኑ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ዴስኩ። በሥዕልና በእጅ ሥራ ሰዓት ሦስት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ሲሠሩ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይለጥፋል፣ አንዱ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ለአንድ ዴስክ የሚያስፈልገው አንድ መቀስ፣ በጠርሙስ ክዳን የተጨመረ ትንሽ ሙጫና አንድ ፓኬት ባለ 12 ከለር ነው። ስድስት ልጆችን አንድ ፓኬት ላይ ማሰባሰብ አያዋጣም፤ ሰንደቅ ዓላማ ሳሉ በተባለ ቀን ሁሉም አረንጓዴውን በአንድ ጊዜ ስለሚፈልጉ ግማሹ ልጅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ አንድ ፓኬት ማስመጣት ደግሞ ብክነት ነው።

እዚህ ላይ የምንሟገትለት አሠራር ይህ ነው፦ የጋራ ዕቃ ከወላጅ የሚጠየቅ ከሆነ በዴስክ ይከፈል። ከሦስቱ ቤት አንዱ ከለር፣ አንዱ መቀስ፣ አንዱ አንድ ጠርሙስ ነጭ ሙጫ ያምጣ። ዋጋቸው እኩል ስላልሆነ በሚቀጥለው ዓመት ድርሻው ይዙር፤ በወረቀቱ ላይም «ዘንድሮ የእናንተ ድርሻ» ተብሎ አንዱ ብቻ ይከበብ። ሰንጠረዡ ሲሞላ ይህን ይመስላል፦

| ዕቃ | ለአንድ ተማሪ | የጋራ፣ ለ48 ተማሪ | ወላጅ የሚያመጣው |
|---|---|---|---|
| ባለ 50 ሉክ ደብተር | 9 በዓመት | – | መስከረም 6፣ የካቲት 3 |
| እርሳስ | 6 በዓመት | 10 በጣሳ | መስከረም 3፣ የካቲት 3 |
| ላጲስና ማስመሪያ | 1፣ 1 | – | 1፣ 1 |
| መቅረጫ | – | 16 | የለም |
| የእንጨት ከለር፣ ባለ 12 | – | 16 ፓኬት | ከ3 ቤት አንዱ |
| መቀስ፣ ጫፉ ድቡልቡል | – | 16 | ከ3 ቤት አንዱ |
| ነጭ ሙጫ | – | 16 ጠርሙስ | ከ3 ቤት አንዱ |
| ጠመኔ፣ ሶፍት፣ ሳሙና፣ መጥረጊያ | – | ትምህርት ቤቱ | የለም |

በሦስተኛው ዓምድ ያለው ቁጥር በአራተኛው ዓምድ ካለው ጋር መገጣጠም አለበት። አስራ ስድስት ሦስት ጊዜ 48 ነው፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ የጋራ ዕቃ ብቻ ያመጣል ማለት ነው። ካልገጠመ የሆነ ቦታ አንድ ዕቃ በተማሪ ቁጥር ተባዝቷል።

የመጨረሻው ረድፍ ላይ «የለም» የተጻፈው በስህተት አይደለም። ጠመኔ መምህሩ የሚጽፍበት ነው፤ በቀን አራት ፍሬ ቢጠቀም፣ ለ180 ቀን 720 ፍሬ፣ ከሚሰባበረው ጋር አስር ባለ መቶ ፓኮ ይበቃዋል። ይህ ከትምህርት ቤቱ በጀት የሚሸፈን እንጂ በልጅ ቦርሳ የሚመጣ አይደለም። ሶፍትና ሳሙናም ከአርባ ስምንት ቤት በአንድ ሳምንት ሲመጡ ማስቀመጫም ቆጣሪም አይኖራቸውም፤ በጥር ደግሞ እንደገና ይጠየቃሉ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ነፃ አድርጎ ነው የተነሳው። በእኛ እምነት የጋራ ድርሻ ያላመጣ ልጅ ከምዝገባ ሊታገድ፣ በክፍል ፊትም ስሙ ሊጠራ አይገባም። የጎደለውን ትምህርት ቤቱ ዝም ብሎ ይሙላ፤ ወላጁን ማነጋገር ካስፈለገም ለብቻ ይነገረው።

የድሬ ሙቀት ዝርዝሩ ላይ መጻፍ ያለበት ጉዳይ ነው። «ከለር» ብቻ ከተባለ ገሚሱ የሰም ከለር ይመጣል። የሰም ከለር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ጋር በተጠጋ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ይለሰልሳል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ወረቀቱም ይላጣል። ስለዚህ «የእንጨት» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ሙጫው ላይም ጥፋቱ የሚመጣው አስራ ስድስቱ ጠርሙስ በአንድ ቀን ሲከፈት ነው፤ አፉ ላይ ይደርቅና ልጆቹ በእርሳስ እየወጉ ያበላሹታል። አንድ አንዱ ብቻ ይከፈት፤ ለየዴስኩ በውኃ ጠርሙስ ክዳን ትንሽ ይንጠብ፤ በስንጥር እየተቀባ ይሠራበት። የተረፈው ተከድኖ ከታችኛው መደርደሪያ ይቀመጥ።

መቀሱ እንዳይጠፋ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ይጻፍበት፤ ቁጥሩ የዴስኩ ቁጥር ይሁን። የጫማ ካርቶን ተገልብጦ አስራ ስድስት ቀዳዳ ይበሳና መቀሶቹ ይሰኩበት። ባዶ ቀዳዳ ከሩቅ ስለሚታይ መምህሩ ሳይቆጥር የትኛው ዴስክ እንዳልመለሰ ያውቃል። ክፍሉ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ግን ለጠዋቱና ለከሰዓቱ አንድ ካርቶን አይበቃም፤ ሁለት ካርቶን፣ ሁለት ቁልፍ ይኑር። አለበለዚያ የጎደለውን ማን እንደወሰደው አይታወቅም፤ ሁለቱ መምህራንም ይቀያየማሉ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ከሳቢያን፣ ከመጋላና ከገንደ ቆሬ የሚመጡ ወላጆች በአንድ ቋንቋ አያነቡም፤ ጭራሽ የማያነቡም አሉ። ዝርዝሩ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይባዛ፤ ከየዕቃው ጎንም ትንሽ ሥዕል ይኑር፤ ለደብተሩ መስመር ያለውና የሌለው ተለይቶ ይሳል። «ባለ ካሬ መስመር ለሒሳብ» የሚለው በሥዕል ካልታየ ግማሹ ክፍል ተራ መስመር ይዞ ይመጣል፤ ልጁም አሃዝን ከአሃዝ በታች ማስተካከል ያቅተዋል።

ወረቀቱ የሚሰጠው በምዝገባው ቀን ነው። በሰንጠረዡ ያለው የየካቲት ቁጥር ግን ግምት ስለሆነ ለወላጅ በሚሰጠው ወረቀት ላይ አሁን አይጻፍ። በጥር የመጨረሻ ሳምንት መምህሩ የየትምህርቱን አምስት አምስት ደብተር አንስቶ የቀረውን ገጽ ይቁጠር። ከሰላሳ በላይ ባዶ ገጽ ያለው ትምህርት ካለ የዚያ ትምህርት ሁለተኛ ደብተር ከየካቲቱ ወረቀት ይሰረዝና ሲያልቅ ብቻ ይጠየቅ።