ትልቅ ፎልደር በአንድ ሊንክ ለምትልኩልን ሁሉ

የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ የሞላበትን ፎልደር ክላውድ ላይ ጭኖ «ሊንኩን ልኬያለሁ፣ አውርዱትና ሥሩት» ማለት ለላኪው የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተቀምጠን ቅንብር የምንሠራ ሰዎች ግን በዚያች ሊንክ ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ስንጠብቅ እናድራለን፤ ሲነጋም ፎልደሩ ታሽጎ የወረደበት ዚፕ አልከፈት ይላል፣ ወይም ተከፍቶ ግማሹ ፎቶ የለበትም። ደንበኛው ሲደውል «ኢንተርኔት አስቸገረኝ» ከማለት በቀር የምንመልሰው የለንም። ኢንተርኔቱ የጥፋቱ አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን ክፍል በዝርዝር ልጻፈው።

ፎልደር ላይ «አውርድ» የሚለውን ስንጫን፣ በዚያች ቅጽበት የተዘጋጀ ዚፕ ሰርቨሩ ላይ የለም። ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ፋይሎቹን እየሰበሰበ ዚፕ ያደርጋል፣ እያደረገም ይልካል። ስለዚህ የመጨረሻው መጠን ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ ለብራውዘሩ የማይነግርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ብራውዘሩም የወረደውን እንጂ የቀረውን አያሳይም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መሀል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት ለመቀጠል አለመቻሉ ነው። ለመቀጠል ሰርቨሩ «ከዚህ ባይት ጀምረህ ስጠኝ» የሚል ጥያቄን መቀበል አለበት፤ እየተሠራ የሚላክ ዚፕ ግን በአብዛኛው ይህን ጥያቄ አይቀበልም። አንድ ነጠላ ፋይል ስናወርድ መጠኑ ስለሚታወቅ ብዙውን ጊዜ መቀጠል ይቻላል፤ ፎልደር ሲሆን ግን ወደ ዜሮ እንመለሳለን።

ሂሳቡን እንየው። መስመሩ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ቢሰጠን፣ 2 ጊጋባይት ዚፕ ለማውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። 14 ጊጋባይት ደግሞ ወደ ስምንት ሰዓት ይጠጋል። በከተማዋ ዳር መብራት ለአምስት ደቂቃ ጠፍቶ ቢመለስ ራውተሩ አብሮ ይጠፋል፣ ማውረዱም ይቋረጣል፤ በሞባይል ዳታ የምንሠራ ከሆነ ደግሞ የወረደው ሁሉ ከፓኬጃችን ተቆርጦ ከንቱ ይቀራል። በስምንት ሰዓት ውስጥ መስመሩ አንድ ጊዜም እንዳይቋረጥ መመኘት በእኛ ሰፈር ሊሆን የማይችል ነገር መመኘት ነው።

የተቆረጠው ዚፕ ለምን ጭራሹን አልከፈት እንደሚል ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ማውጫው መጨረሻው ገጽ ላይ የታተመ መጽሐፍን አስቡ፤ ዚፕም እንደዚያ ነው፣ የፋይሎቹን ስምና ቦታ የያዘው ዝርዝር የሚጻፈው ከሁሉም በኋላ ነው። መጨረሻው ካልደረሰ ዝርዝሩ የለም፣ ዊንዶውስም ፋይሉ ልክ አይደለም ብሎ ይመልሰዋል። በዚህ ጊዜ ዚፑን ከማጥፋታችሁ በፊት ሰቨን-ዚፕ በሚባለው ፕሮግራም ክፈቱት፤ `Unexpected end of archive` የሚል ማስጠንቀቂያ እያሳየም ቢሆን እስከ ተቆረጠበት ድረስ የደረሱትን ፎቶዎች ብዙ ጊዜ ያወጣቸዋል።

እኔን ከዚህ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሳይሳሳት የወረደ የሚመስለው ጎዶሎ ነው። አንዳንድ አገልግሎት ትልቁን ፎልደር በግምት ሁለት ሁለት ጊጋባይት በሆኑ ብዙ ዚፖች ይከፍለዋል፤ ከዚያ የሚበልጥን ነጠላ ቪዲዮ ደግሞ ከዚፑ ውጭ ለብቻው ይልከዋል። ለምሳሌ 1,900 ፎቶ የያዘ 8.5 ጊጋባይት ፎልደር አለን እንበል፣ አጠገቡም 5.5 ጊጋባይት የሆነ አንድ ቪዲዮ። የሚመጣው ስማቸው በ`001`፣ በ`002` እያለ የሚያልቅ አምስት ዚፕና አንድ የቪዲዮ ፋይል፣ በድምሩ ስድስት ማውረድ ነው። ብራውዘሩ ግን ከመጀመሪያው በኋላ ብዙ ፋይል ለማውረድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያንን ትንሽ ሳጥን ሳናየው ካለፍን የቀሩት አይወርዱም። አምስቱም ዚፖች ውስጥ ያለው የፎልደር ስም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አንዱን ብቻ ፈትተን ስናየው ፎቶ የሞላበት ትክክለኛ ፎልደር ይመስላል። የኬክ ቆረሳው ፎቶ እንደሌለ የምናውቀው ሙሽሮቹ ሲጠይቁን ነው።

መጉደሉን ለማወቅ ቁጥሩን መከተል አይበቃም። `003` ከጎደለ መሀል ላይ ስለሚታይ እናውቃለን፤ የመጨረሻው `005` ከቀረ ግን ከ`001` እስከ `004` ያለው ተከታታይ ስለሆነ ምንም የጎደለ አይመስልም። የሚያስተማምነው ሁሉንም ዚፖች አንድ ቦታ ላይ ፈትቶ፣ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ `Properties` ውስጥ የፋይሉን ብዛትና መጠን አይቶ፣ ከላኪው ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። ችግሩ ላኪው ቁጥሩን አለመናገሩ ነው።

ተቀባዩ በራሱ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አለ። ዋናውን ፎልደር ማውረድ ትቶ ውስጡ ገብቶ፣ ቪዲዮውን እንደ ነጠላ ፋይል ለብቻው ያውርድ፤ ፎቶዎቹንም ንዑስ ፎልደር በንዑስ ፎልደር፣ ወይም መቶ መቶ እየመረጠ ያውርድ። መቶው ፎቶ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን፣ መብራት ቢጠፋ የሚባክነው የሩብ ሰዓት ሥራ ብቻ ነው። አሰልቺ መሆኑን አልክድም፤ 1,900 ፎቶ መቶ መቶ እያደረጉ መምረጥ በራሱ አድካሚ ነው። ለዚህ ነው ሥራው የላኪው መሆን አለበት የምለው።

ላኪው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እያንዳንዱን ንዑስ ፎልደር ራሱን የቻለ ዚፕ ማድረግ ነው፤ የሽምግልናው አንድ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አንድ፣ የመልሱ አንድ። አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ይከፈታሉ፣ የተበላሸውን ብቻ እንደገና ማውረድ ይበቃል። ለፎቶ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ሁለተኛው ለትልቁ ቪዲዮ የሚሆን ሲሆን፣ ፋይሉን በሰቨን-ዚፕ በእኩል ቁራጭ መክፈል ነው። `Add to archive` ውስጥ `Split to volumes` በሚለው ቦታ 500m ብሎ መጻፍ፣ ወይም በትእዛዝ እንዲህ ማድረግ ይቻላል፦

```
7z a -tzip -mx=0 -v500m serg.zip serg.mp4
```

`-mx=0` ያልኩት ቪዲዮም ሆነ የጄፔግ ፎቶ አስቀድሞ የታመቀ ስለሆነ፣ ዚፕ ማድረግ መጠኑን ስለማይቀንስና ጊዜ ብቻ ስለሚያባክን ነው። 5.5 ጊጋባይቱ ቪዲዮ 11 ወይም 12 ቁራጭ ይሆናል፣ ስማቸውም `serg.zip.001` እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ክላውዱ ላይ ተራ ፋይል ስለሆነ፣ አንድ በአንድ ከወረደ ብዙውን ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል። ነገር ግን እነዚህ ቁራጮች ራሳቸውን አይችሉም፤ አንዷ ብትጎድል ቪዲዮው አይወጣም። ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ካስቀመጥን በኋላ ከመፍታታችን በፊት ይህን እናስኬድ፦

```
7z t serg.zip.001
```

`Everything is Ok` ካለ ሙሉ ነው፤ ስሕተት ካወጣ ደግሞ የጎደለ ወይም መጠኑ ከሌሎቹ ያነሰ ቁራጭ ካለ እንፈልግ። ከሌሎቹ ማነስ የሚገባው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ላኪዎች ሆይ፣ ስትልኩልን ሊንኩ ሥር አንድ መስመር ጨምሩልን፦ ስንት ዚፕ እንደላካችሁ፣ በውስጣቸው ስንት ፋይል እንዳለና ጠቅላላ መጠኑ ስንት እንደሆነ። በሌሊት ያወረድነውን የምናስተያየው ከዚያች መስመር ጋር ነው።