«ያለሱ አይሆንም» እና «እሱ ይበቃል» ለየቅል ናቸው

«ድርሰቴ ላይ ‹ዘር ያለ ውሃ አይበቅልም፤ ይህ ዘር ውሃ አግኝቷል፤ ስለዚህ ይበቅላል› ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ሰረዘው። ውሃ የግድ ካስፈለገ በቂ ነው ማለት አይደል?»

አይደለም ወንድሜ። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ ልክ ነው፤ ውሃ አስፈላጊ ሁኔታ ነው። ግን ዘሩ አየርና ተስማሚ ሙቀትም ይፈልጋል። ከውስጥ የሞተ ዘር ደግሞ ወር ሙሉ ብታጠጣው ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም። ውሃ ኖሮ ቡቃያ የጠፋበት አንድ ዘር ከተገኘ «ስለዚህ» ያልከው ወደቀ።

ከዚያ ዓረፍተ ነገር በትክክል የሚወጣው ሁለት ነገር ነው። ውሃ ካላገኘ አይበቅልም። ከበቀለ ደግሞ ውሃ አግኝቷል። «ውሃ አግኝቷልና ይበቅላል» ግን የትም የለም።

ተንኮለኛዋ ቃል «ብቻ» ናት። «ውሃ ሲያገኝ ብቻ ነው የሚበቅለው» ካልክ ውሃን አስፈላጊ አደረግኸው። «ውሃ ብቻ ይበቃዋል» ካልክ በቂ አደረግኸው። ቃሏ ያው ናት፣ ቦታዋ ግን ትርጉሙን ገለበጠው። ድርሰት ውስጥ አንዱ አንቀጽ ላይ በመጀመሪያው ተነስቶ በሁለተኛው የሚደመድም ጽሑፍ ስንት አይቻለሁ!

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ዝናብ መሬት ለማርጠብ በቂ ነው፤ መሬቱ ረጥቧል ማለት ግን ዘንቧል ማለት አይደለም። ቧንቧ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል።

ድርሰትህን ለማዳን መደምደሚያውን «ስለዚህ ሊበቅል ይችላል» በለው። ወይም ዘሩ ሕያው እንደሆነ፣ አየርና ሙቀቱም እንደተሟሉ ጨምረህ አሳይ።