«ከ4,000 ብር ጀምሮ» የሚለው የምርቃት ማስታወቂያ

ሰኔ ገባና ቴሌግራሜ በማስታወቂያ ሞላ። «ውድ ተመራቂዎች፣ ውድ የተመራቂ ቤተሰቦች! እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ! ገዋን፣ ፎቶ፣ አበባ፣ ስጦታ፣ ሁሉንም በአንድ ቦታ! ፓኬጃችን ከ4,000 ብር ጀምሮ!» ከስሩ ስልክ ቁጥር አለ። ከዚያ «ለዝርዝር ዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። ዘንድሮ ታናሽ እህቴ ትመረቃለች። ደስታው ደስታ ነው፤ ይህችን ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ግን ሆዴ ይቃጠላል። አምና ወንድሜን ያስመረቅነው በዚሁ ዓይነት ማስታወቂያ ነው።

ያኔ ደወልኩ። የምታነሳው ልጅ ትሁት ነበረች። «ገዋን አለው፣ ፎቶ አለው፣ ፍሬም አለው» አለችኝ። ሄጄ 2,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ። የሰጡኝ ወረቀት ላይ ያለው የወንድሜ ስም፣ ቀኑና «ቀብድ 2,000» የሚል ብቻ ነው። ምን ምን እንደገዛሁ አንድም ቦታ አልተጻፈም። እኔም አልጠየቅኩም። የደስታ ቀን ነው ብዬ መጨቃጨቅ አፈርኩ።

አባቴና እናቴ ከወሎ በዋዜማው ገቡ። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወንድሜ ገዋኑን ሊወስድ ሄደ። «ይሄ የፎቶ ገዋን ነው፣ ከዚህ ቤት አይወጣም» አሉት። በፓኬጁ ውስጥ ያለው ስቱዲዮ ውስጥ ለብሰህ ተነስተህ የምታወልቀው ነው ማለት ነው። ለሥነ ሥርዓቱ የሚለበሰው ለብቻው ይከራያል፤ ኪራዩ 1,200 ብር፣ ማስያዣው 2,000 ብርና መታወቂያ። በዚያው ቀን እስከ ማታ 12 ሰዓት መመለስ አለበት። ሰልፉ 2 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሌላ ኪራይ ቤት የት ይፈለጋል? ከፈለ። የቀረችው ገዋን ደግሞ ጉልበቱ ላይ ነው የምትደርሰው። በብዙ ቦታ ከትከሻ የሚወርደው ጨርቅ ቀለም እንደ ትምህርት ክፍሉ ይለያያል፣ እሱንም ሲያማርጡ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ቀኑ ሐምሌ መጀመሪያ ነበር። ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ገዋኑ ሲመለስ ጫፉ ላይ ጭቃ ነበረውና ከማስያዣው 500 ብር ተቆረጠ። በክረምት የሚከራይ ልብስ ጭቃ እንደሚነካው ከአከራዩ በላይ ማን ያውቃል? የማጠቢያው ሂሳብ ካለ መጀመሪያውኑ ኪራዩ ላይ ይደመር፤ እኛም አውቀን እንክፈል።

በምርቃቱ ቦታ በር ላይ የሆነው ግን ከሁሉም ይብስብኛል። የስጦታ ቤቶቹ ማስታወቂያ ለወላጅ የሚናገረው «ልጅዎን ባዶ እጅዎን አይቀበሉ» እያለ ነው። አባቴ ባዶ እጁን አልመጣም። ከቤት ቀፎ የወጣ ማር በጀሪካን ይዞ፣ አውቶቡስ ላይ በጭኑ መሃል አድርጎ ነው የመጣው። ሰው ሁሉ አበባ ይዞ ሲያይ ግን አፈረ። ዞር ብሎ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ብር አወጣና ቆጥሮ፣ የፕላስቲክ አበባ ጉንጉን በ700 ብር ገዛ። እኔ ከሩቅ እያየሁት ነበር። ለተመራቂው «ይህ ቀን አይደገምም» ይሉታል፣ ለአባቱ «ባዶ እጅህን አትምጣ» ይሉታል። ሁለቱንም በአንድ ማስታወቂያ ይጠሯቸዋል፣ ዋጋውን ግን ለአንዳቸውም አይነግሩም።

ስቱዲዮ ስንደርስ ደግሞ ፓኬጁ ለተመራቂው ብቻ ነው ተባለ። አምስት የተሠሩ ፎቶዎች፣ አንድ 30 በ40 ፍሬም። ቤተሰብ ሲጨመር 1,500 ብር። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከወሎ ድረስ የመጣችን ሰው ተነሺ ልበላት? ከፈልኩ። ሶፍት ኮፒ ስጠይቅ 1,000 ብር ጨምር አሉኝ፣ ጨመርኩ። የአባቴን አበባ ሳልቆጥር 4,000 የተባለው 8,200 ብር ሆነ። ገንዘቡን አይደለም የማማርረው። የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ወረቀትና ቀለም ምን ያህል እንደናረ አውቃለሁ። 8,200 ብር ነው ቢሉኝ ኖሮ ከሁለት ወር በፊት ጀምሬ እቆጥብ ነበር። ወይ ፍሬሙን ትቼ የቤተሰቡን ፎቶ እመርጥ ነበር። ያ ምርጫ ነው የተወሰደብኝ።

ሶፍት ኮፒውም ጉድ ነበረው። በቴሌግራም ላኩልኝ። ለአጎቴ አንዱን በ40 ሳንቲ ሜትር ላሳትም ሌላ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ አሳየኝ፤ ረጅሙ ጎን 1,280 ፒክሰል ብቻ ነው። ለዚያ መጠን ጥርት ያለ ህትመት ከ4,700 በላይ ፒክሰል ይፈለጋል። ታትሞ ሲወጣ የወንድሜ ፊት ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ነገሩ ቀላል ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ምስል እንደ ፎቶ ሲላክ ብዙውን ጊዜ ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ለመለየትም አያስቸግርም። መጠኑ ሁለት ሦስት መቶ ኪሎባይት ከሆነ የተጨመቀ ነው፤ ዋናው ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ይቆጠራል። የስቱዲዮው ልጅ እንደ ፋይል ቢልክልኝ ኖሮ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለበትም ነበር። 1,000 ብር የከፈልኩበትን ነገር ግማሹን እንኳ አልሰጠኝም።

ተመልሼ ሄድኩ። ዋናውን ስጡኝ አልኩ። ሜሞሪው ለሌላ ሥራ ጠፍቷል አሉኝ። አንድ ሳምንት አልሞላም እኮ!

ዋናውን የፈለግኩት ለጥራቱ ብቻ አልነበረም። ፍሬም ውስጥ የገባው ፎቶ ላይ እናቴ እናቴን አትመስልም። እናቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት፤ ልጅ ሳለች እናቷ ያስነቀሰቻት፣ ሦስት መስመር፣ ከስሩ ደግሞ ትንሽ መስቀል። ሕፃን ሆነን ስታቅፈን በጣታችን የምንከተለው እሱን ነበር። ፎቶውን የሠራው ልጅ አጥፍቶታል። ቆሻሻ መስሎት ይሁን፣ አስዋብኩ ብሎ ይሁን አላውቅም። ፊቷን አንጥቶ፣ መጨማደዷን አለስልሶ፣ አንገቷን ባዶ አድርጎታል። የአባቴን የግንባር መስመሮችም እንደዚያው። ማንም አልጠየቀንም። «እንዲህ ላድርግ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብትሆን በቂ ነበረች።

ስለዚህ ለእህቴ ዘንድሮ የማናግረውን ሁሉ በጽሑፍ ነው የምጠይቀው። ገዋኑ ከቤት ይወጣል ወይ? ስንት ሰዓት ይመለሳል? ጭቃ ቢነካው ስንት ይቆረጣል? ቤተሰብ ሲገባ ጠቅላላው ስንት ነው? ዋናው ፎቶ በፋይል ይሰጠኛል ወይ? ፊት ላይ ምን ይነካል? እስካሁን ሦስት ቤት ጽፌያለሁ። ሁለቱ «ይምጡና እንነጋገራለን» አሉኝ። አንዷ ሴት ግን ዋጋውን በየመስመሩ ጽፋ ላከችልኝ፤ ጠቅላላው 7,900 ብር ነው። ከማስታወቂያዎቹ ሁሉ ውድ የሚመስለው የሷ ነው። ቀብዱን ለሷ ከፈልኩ።

የአምናው ፍሬም ቁም ሳጥን ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። እናቴ ቤት የተሰቀለው የአክስቴ ልጅ በስልኩ ያነሳው ነው። ዝናብ ሊጀምር ሲል ነው የተነሳው፣ ትንሽ ጨልሟል። ንቅሳቷ ግን ይታያል።