የፅዳት ሠራተኛዋ «ተነሳሽነት» ከ5 ስንት ነው?

«ነርስና የፅዳት ሠራተኛን በምን እንመዝን? የሚቆጠር ሥራ የላቸውም እኮ።» ጥያቄው የአንድ የሰው ሀብት ባለሙያ ነው።

ስትሠራ በሚታየው ነገር መዝኗት። ቀላል ይመስላል፤ አሁን የምንሠራበት ቅጽ ግን ይህን አይጠይቅም። ቅጹ የሚለው «ተነሳሽነት»፣ «ታታሪነት»፣ «የሥራ ፍቅር» ነው። የሥራ ፍቅር በየትኛው ዓይን ይታያል? የቅርብ ኃላፊው ስለማያየው ይገምታል። ሲገምት ደግሞ ይሉኝታ ይገባበታል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ ሰው እሑድ እድር ላይ የሚያገኛትን ሴት ሰኞ 2 ሰጥቶ ማደር ይከብደዋል። ስለዚህ ለሁሉም 4 እና 5 ይሞላል። ዝቅ ያለ ነጥብ የሚደርሳት አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ጋር የተጨቃጨቀችው ናት። ኃላፊውን ብቻ አልወቅስም። የማይታይ ነገር ስጥ ሲባል ምን ያድርግ?

አንዳንዶች «ውጤቱን እንይ፣ ወለሉ ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም?» ይላሉ። ይህም አያዋጣም። የጎጃምን ሐምሌና ነሐሴ አስቡት። አስታማሚው ከገጠር ጭቃውን ይዞ ይገባል፤ ምግብ ያመላልሳል፤ ማታም አልጋው ሥር ያድራል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተወለወለ ኮሪደር 3 ሰዓት ላይ ጭቃ ነው። በዚህ ሰዓት ያለፈ ኃላፊ ሰነፍ ሊላት ነው። የጎበዟንና የሰነፏን ወለል በዚያ ሰዓት መለየት አይቻልም። የሚለየው እጃቸው የሚሠራው ነገር ነው።

መንገዱ አዲስ አይደለም። ስሚዝና ኬንዳል የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን ዓይነት ምዘና ሲያዘጋጁ የጀመሩት ከነርሶች ነው። ሐሳባቸው ደስ የሚለኝ ቃላቱን ከቢሮ ስላላመጡ ነው፤ ሥራውን በየቀኑ የሚያዩ ኃላፊ ነርሶችን ነው የጠየቁት።

በአንድ ማዋለጃ ክፍል ብንሞክረው እንዲህ ይሆናል። መጀመሪያ ነርሶቹንና የፅዳት ሠራተኞቹን ራሳቸውን ሰብስበን «ጎበዝ ሠራተኛ ስትሠራ ያያችሁትን አንድ ነገር፣ ደካማዋ ስትሠራም ያያችሁትን አንድ ነገር ንገሩን» እንላለን። እያንዳንዱን ድርጊት በትንሽ ወረቀት እንጽፋለን። ከዚያ ወረቀቶቹን ቀላቅለን መጀመሪያ ላልነበሩ ሌሎች ሰዎች እንሰጣለን። እነሱ የትኛው ድርጊት የትኛው የሥራ ክፍል እንደሆነ ይለያሉ፤ ከ1 እስከ 5ም ነጥብ ይሰጡታል። ሰዎቹ ያልተስማሙበት ወረቀት ይጣላል። «ከሰው ጋር ተግባቢ ናት» የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል፤ አንዱ ጠባይ ነው ይላል፣ ሌላው የቡድን ሥራ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወሬ ማብዛት። የቀረው ሁሉም አንድ ዓይነት የተረዳው ነው።

ደም ወለል ላይ ሲፈስ የሚሠራውን እንውሰድ። ለ5 የተስማሙበት ድርጊት ይህን ይመስላል፦ ጓንት ታደርጋለች፣ ደሙን በጨርቅ አንስታ ቢጫው ባልዲ ውስጥ ትጥላለች፣ ከዚያ የተበጠበጠ በረኪና አፍስሳ 10 ደቂቃ ጠብቃ ትወለውላለች። ለ3፦ ሁሉን በቅደም ተከተል ትሠራለች፣ ግን ሳትጠብቅ ወዲያው ትወለውላለች። ለ1፦ ኮሪደሩን በጠረገችበት መወልወያ ደሙን ትገፋዋለች። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። ደም የበረኪናን ኃይል ይበላል፤ ሳይነሳ ቢፈስበት በረኪናው ይባክናል። በጥበጣውም እንዲሁ ይታያል። ገበያ ላይ ያለው በረኪና 5 በመቶ ከሆነ፣ ለዚህ ሥራ የሚፈለገውን 0.5 በመቶ ለማግኘት 1 ጣሳ በረኪና ለ9 ጣሳ ውኃ ነው። ጣሳ ይዛ ትለካለች ወይስ በግምት ታንቆረቁራለች? ይህን ለማየት ዲግሪ አያስፈልግም። «ጠንቃቃ ናት» የሚለው ቃልም አያስፈልግም።

አሁን ማን ያያል? እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። ኃላፊዋ ታኅሣሥ ላይ ተቀምጣ ስድስት ወር ሙሉ የሆነውን ላስታውስ ካለች፣ የምታስታውሰው የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት ነው። ስለዚህ በየወሩ ሁለት ጊዜ፣ 10 ደቂቃ ያህል፣ ቀን ሳታሳውቅ ትይ። ቀንም ሌሊትም፣ ቅዳሜና እሑድም ይካተት። ያየችውን እዚያው ትጻፍ። ደም ያልፈሰሰበት ቀን ከሆነ «አልታየም» ይባላል፤ ዜሮ አይደለም። ይህን ስህተት የሚሠሩ ብዙ ናቸው። በረኪና ግምጃ ቤት ከሌለ፣ ውኃ ከጠፋ፣ ያም ይጻፍ፤ ከሠራተኛዋ ነጥብ አይቀነስም። እሷ ላይ የሚታየው እቃው ማለቁን ለኃላፊዋ ነግራለች ወይስ ዝም ብላለች የሚለው ነው።

አልፎ አልፎ ሁለት ሰዎች አንዷን ሠራተኛ በአንድ ሰዓት ለየብቻ ይዩ። ከ10 ነጥብ በ8ቱ ከተስማሙ ጥሩ ነው። በ5 ብቻ ከተስማሙ ጥፋቱ የሠራተኛዋ ሳይሆን የአጻጻፉ ነው፤ ቃሉ ይስተካከል።

እርግጥ ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ይጠነቀቃል። እጅ መታጠብን ተመልካች ቆሞ ሲቆጥር ቁጥሩ ከፍ እንደሚል በየሀገሩ የታወቀ ነው። ይህ ግን ምዘናውን ከንቱ አያደርገውም። እየታየች እንኳ መወልወያውን ከማዋለጃ ክፍል ወደ ኮሪደር የምታሻግር ሴት ትክክለኛውን አሠራር አታውቅም ማለት ነው፤ የሚያስፈልጋት ሥልጠና እንጂ ቅጣት አይደለም። እየታየች በትክክል የምትሠራ፣ ሳትታይ የምትተው ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ድንገተኛው የሌሊት ጉብኝት ለዚህ ነው።

ለአዋላጅ ነርስ ነገሩ ይጠነክራል፤ ከሥራዋ አብዛኛው በአእምሮዋ ውስጥ ነውና። የወለደችው እናት ፊቷ ሲገረጣ ማስተዋልን እንዴት እናያለን? ያስተዋለችው አይታይም፤ ለማስተዋል ያደረገችው ግን ይታያል። ከወሊድ በኋላ ባሉት 2 ሰዓታት በየ15 ደቂቃው አልጋው ዘንድ ሄዳ ማህፀኑ መጠንከሩን በእጇ ትነካለች ወይ? የሚፈሰውን ደም ታያለች ወይ? ካርዱ ብቻውን አይታመንም። 8 ጊዜ የተመዘገበ የደም ግፊት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ ተጽፎ ያየ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል።

የካርድ ክፍል እንግዳ ተቀባይ ከሁሉ ትቀላለች። ቀና ብላ ታያለች፣ አረጋዊውን «አባባ» ብላ ትጠራለች፣ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ነግራ እንዲደግሙላት ታደርጋለች። «ጨዋ ናት ወይ» ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል።

ይህ ሁሉ ለደመወዝ ጭማሪና ለዕድገት ውድድር ወዲያው ይዋል አልልም። የመጀመሪያውን ዓመት ነጥቡን ለማረሚያ ብቻ መጠቀም ይሻላል። ምልከታው ያለቀ ዕለት ሠራተኛዋ የተጻፈውን ታንብብ፤ ማንበብ ካልቻለች ይነበብላት። «ጣሳ አልነበረኝም» ካለችም ጣሳ ይገዛላት።